«መልካም ምላሽዎን እጠብቃለሁ» ያለ ኢሜይል ለምን መልስ ያጣል?

«ገላን ላይ አነስተኛ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ አለኝ። ለገጣፎ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ60 ኮምባይን ዴስክ ዋጋ ጠይቆኝ ጥቅምት 24 ፕሮፎርማ በኢሜይል ላክሁ። መጨረሻው ላይ ‹ተመልክታችሁ መልካም ምላሽ እንዲሰጠን በተስፋ እየጠበቅን፣ ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን› ብያለሁ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ደግሜ ላክሁ። ዝም። ዋጋዬ ተወዶባቸው ይሆን? ቀን ቆርጬ መልስ ስጡኝ ብል ደግሞ ትእዛዝ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ምን ብዬ ልጨርስ?»

ዋጋው ተወዶ ሊሆን ይችላል። ግን በዚህ ዝምታ ይህን ማወቅ አይቻልም። ኢሜይሉ ሰውየውን ምንም አልጠየቀውማ። «መልካም ምላሽ» ምንድን ነው? «ገዝተናል» ነው? «ደርሶናል» ነው? «ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም» ነው? አንባቢው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈልጉ መገመት አለበት። የሚገምት ሰው ደግሞ «በኋላ እመለስበታለሁ» ይላል። በኋላ የተባለ ኢሜይል ከሥር ከሥር ይወርዳል፤ ነገ ሌላ 30 ይመጣበታል።

እኔ ዱከም አካባቢ ባለ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ኢሜይል በየቀኑ ይመጣልኝ ነበር። አብዛኛውን የማልመልሰው ንቄ አልነበረም። የምመልሰው ነገር ስለማይኖረኝ ነበር።

ይህ አዘጋግ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የወረስነው ከደብዳቤ ነው። በደብዳቤ ላይ «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ምንም ነውር የለበትም፤ ይሠራልም። ለምን? ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል። ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ኃላፊው እስክሪብቶውን አውጥቶ ጥግ ላይ «ለግዢ ክፍል፣ አጣርታችሁ አቅርቡልኝ» ብሎ ይመራዋል። ይፈርማል። አያችሁ? ቀጣዩን እርምጃ የሚጽፈው ተቀባዩ ነው። ማን ይሥራ፣ ምን ይሥራ የሚለው በዚያች ጥግ ላይ ባለች አንድ መስመር ያልቃል። ላኪው አመስግኖ ቢቀመጥም ወረቀቱ ራሱ እየሄደ ነው።

ኢሜይል መዝገብ ቤት የለውም። ጥግ ላይ የሚመራው ሰውም የለም። በቀጥታ አንድ ሰው ስልክ ላይ ይወድቃል፤ ምናልባት ታክሲ ውስጥ። ስለዚህ ያቺን የጥግ መስመር መጻፍ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው ጣጣ ቋንቋው ውስጥ ነው። «ምላሽ እንዲሰጠን»፣ «እንዲታይልን»፣ «እንዲፈጸምልን» እንላለን። ትሕትና ነው፤ ገባኝ። ግን ልብ ብለው ያንብቡት። የሚሰጠው ማን ነው? የሚያየው ማን ነው? ግሱ ባለቤቱን ደብቆታል። ኢሜይሉ ለግዢ ኃላፊዋ ሄዶ፣ ፋይናንስና ሥራ አስኪያጁ ሲሲ ላይ ካሉ፣ ሦስቱም «ሌላው ይመልሳል» ብለው ይተዉታል። ትሕትናውን ሳይጥሉ ባለቤቱን ማውጣት ይቻላል። «እንዲታይልን» የሚለውን «ቢያዩልኝ» ያድርጉት። «ምላሽ እንዲሰጠን» የሚለውን «ቢጽፉልኝ» ይበሉት። አክብሮቱ እንዳለ ነው፤ አሁን ግን አንድ ሰው ተጠርቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ብዙ ሰው «ግልጽ ጥያቄ ጠይቅ» ሲባል ዘሎ «እንደምትገዙ አረጋግጡልኝ» ይላል። ይህም አይሠራም። የግዢ ባለሙያዋ እንደምትገዛ የማረጋገጥ ሥልጣን የላትም። እሷ ጋ ያለው ሂደት በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ ሦስት ፕሮፎርማ ትሰበስባለች። የዋጋ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ትሠራለች። ሠንጠረዡ ለኮሚቴ ወይም ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል። ሲጸድቅ ፋይናንስ ገንዘቡን ያያል። ከዚያ ነው የግዢ ትእዛዝ የሚወጣው። እርስዎ የመጨረሻውን ሲጠይቋት እሷ ምናልባት መጀመሪያው ላይ ናት። ሁለተኛውን ፕሮፎርማ እየለመነች ይሆናል። «አልወሰንንም» ብላ መጻፍ ያሳፍራታል። ዝም ትላለች።

ስለዚህ የሚጠይቁት ነገር አንባቢው ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚመልሰው ይሁን። እኔ ይህን መለኪያ ከሁሉ አስበልጣለሁ። ቀን መቁረጡም፣ ጨዋነቱም ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በእርስዎ ጉዳይ ባለሙያዋ ወዲያው የምትመልሰው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ማነጻጸሪያው መቼ እንደሚቀርብ ነው። ሌላው ከፕሮፎርማዎ የጎደለ ነገር መኖር አለመኖሩ ነው፤ ማኅተም፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የማስረከቢያ ቀን። ሁለተኛውን ቀላል አድርገው አይዩት። ማኅተሙ ደብዝዞ የተነሣ ፒዲኤፍ ወደ ጎን ተደርጎ፣ ላኪው ሳይነገረው ሲቀር ስንቴ አይቻለሁ። (እኔም አድርጌዋለሁ። ደውዬ ማስተካከል ስችል።)

ያሉበትን በቁጥር እንየው። አንዱ ዴስክ 6,800 ብር ነው እንበል። 60ው 408,000 ይመጣል። 15 በመቶ ቫት 61,200 ነው። ጠቅላላው 469,200 ብር። ግማሹን ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቁ 234,600 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ የሚፈልጉት ለእግሩ የሚሆነውን የብረት ቱቦና ለላዩ የሚሆነውን ጣውላ ለመግዛት ነው። የብረት ነጋዴው በዛሬ ዋጋ ይዞ የሚያቆይልዎ እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ ነው እንጂ ዕድሜ ልክ አይደለም። ያቺ ቀን ናት የኢሜይልዎ ቀነ ገደብ። ከአየር ላይ የሚፈጠር ቀን አያስፈልግም።

ዛሬ ሐሙስ ሕዳር 11፣ 2018 ነው ብለን፣ ነጋዴው እስከ ሐሙስ ሕዳር 18 እይዝልሃለሁ ብሎዎታል እንበል። የኢሜይሉ መጨረሻ እንዲህ ይሁን፦

«አንድ ነገር ብቻ ቢጽፉልኝ፤ የዋጋ ማነጻጸሪያው የሚቀርበው በየትኛው ቀን ነው? ብረቱ በዚህ ዋጋ የተያዘልኝ እስከ ሐሙስ ሕዳር 18 ስለሆነ፣ ቀኑን እስከ ማክሰኞ ሕዳር 16 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ባውቅ ከነጋዴው ጋር እነጋገራለሁ። ከሰነዴ የጎደለ ካለ ‹ይህ ይጎድላል› ይበሉኝ፤ በማግስቱ ቢሮዎ አደርሳለሁ። መልስ ካልደረሰኝ ረቡዕ ሕዳር 17 ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደውዬ እጠይቅዎታለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ይኸው ነው። ከሰላምታ ጋር የሚለው አልተነካም። ምስጋና ከፈለጉም አንድ ቃል ይጨምሩ። ችግሩ ምስጋናው አልነበረም፤ ምስጋናው የጥያቄውን ቦታ መያዙ ነበር።

አሁን ባለሙያዋ የምትመልሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። «ሰኞ» ብላ መላክ ትችላለች። አውራ ጣቷ ይበቃታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ያልሁትም ለዚህ ነው። ዋጋውን፣ ቅድሚያ ክፍያውን፣ ማጓጓዣውንና ቀለሙን አንድ ላይ ከጠየቋት ቀለሙን ትመልስልዎታለች። ቀላሉ እሱ ነውና። ሌላው ይቀራል። የጎደለ ሰነድ የሚለውን ያስገባሁት ካለ ብቻ የሚመለስ ስለሆነ ነው፤ ከሌለ ምንም አያስጽፋትም።

ቀኑ ከመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ Subject የሚለው ቦታ ላይም ይግባ፦ «የ60 ኮምባይን ዴስክ ፕሮፎርማ፣ መልስ እስከ ማክሰኞ ሕዳር 16»። ስልክ ላይ ሳይከፈት የሚታየው እሱ ነው።

ስለ ቀንና ሰዓት አጻጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ አገር ልዩ ጣጣ ነው። «እስከ 5/3» ብለው ከጻፉ ሦስት ቀን ጽፈዋል። አንዱ ሕዳር 5 ይለዋል። በፈረንጅ የለመደ ሜይ 3 ወይም ማርች 5 ይለዋል። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፤ የሳምንቱን ቀንም አብረው ያስገቡ። ሁለቱ ከተጋጩ አንባቢው ስህተቱን ያይልዎታል። ኢሜይሉ የውጭ ድርጅት ጋ ወይም በእንግሊዝኛ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ያኑሩ፤ ማክሰኞ ሕዳር 16፣ ኖቬምበር 25።

ሰዓቱም እንዲሁ። እኔ አንዴ ለአንድ የውጭ ማሽን ጠጋኝ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «ማክሰኞ በ3» ብዬ ጨረስኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ማለቴ ነበር። ማሽኑን አስቁመን፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰውየው የመጣው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ በእሱ ሰዓት 3 ነዋ። እሱ ልክ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ የቆመውን ማሽን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳልጨምር ሰዓት ጽፌ አላውቅም።

«በዚህ ሳምንት»፣ «በቅርቡ»፣ «በተቻለ ፍጥነት» የሚሉትን ይርሷቸው። ዓርብ ከሰዓትንም ቀነ ገደብ አያድርጉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ዕረፍት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰው ልብ ቅዳሜ ላይ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ጥሩ ናቸው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመንግሥት ግዢ ክፍል ያኔ ይጣደፋል፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ።

ቀን መቁረጥ ትእዛዝ ይመስላል ላሉት፦ ያለ ምክንያት ከሆነ አዎ ይመስላል። «እስከ ማክሰኞ መልሱልኝ» ብቻ ማንንም ይቆረቁራል። «ብረቱ የተያዘልኝ እስከ ሐሙስ ስለሆነ» ሲጨመርበት ግን ቀኑን የቆረጡት እርስዎ ሳይሆኑ ነጋዴው ነው። አንባቢዋ ነገሩን ለአለቃዋ ይዛ መሄድም ትችላለች፤ «ሰውየው ሐሙስ ዋጋው ያልፍበታል» ማለት ምክንያት ነው። የእርስዎን ተስፋ ግን ለማንም ይዛ መሄድ አትችልም። ተቀባዩ በዕድሜ የገፉ ወይም በጣም ላቅ ያሉ ሰው ከሆኑ ለስለስ ያድርጉት፤ «ቢመችዎ»፣ «ባይቻል የሚሆነውን ቀን ቢነግሩኝ» ይበሉ። ቀኑን ግን አያውጡት።

የምጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቀኑ እውነት ይሁን። ሐሙስ ዋጋው ያልፋል ብለው ዓርብ በዚያው ዋጋ ከሸጡ፣ በሚቀጥለው ቀነ ገደብዎ ማንም አይደነግጥም። ነጋዴው ጋ ደውለው እውነተኛውን ቀን ይያዙ።

ሁለተኛ፣ «እስከ ማክሰኞ ካልመለሳችሁ እንደተስማማችሁ ቆጥሬ ሥራ እጀምራለሁ» የሚል ምክር አንዳንድ ቦታ ይሰጣል። በ469,200 ብር ሥራ ላይ ይህን እንዳያደርጉ። ሰው ሲናገር «ዝምታ መስማማት ነው» ይላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በመርሕ ደረጃ ዝም ማለትን እንደ መቀበል አይቆጥርም። በነባር የንግድ ግንኙነት ውስጥ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፤ እርስዎ ግን አዲስ ሻጭ ነዎት። ብረት ቆርጠው ቢጠብቁ 60 ዴስክ ግቢዎ ውስጥ ይቀራል። ዝም ካሉ የሚሆነውን ሲጽፉ እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉትን ብቻ ይጻፉ፤ «እደውላለሁ»፣ «ዋጋው ያልፋል»። እነሱ ላይ ግዴታ የሚጥል ነገር አይጻፉ። ለትንንሽ ነገር ግን ዘዴው ይሠራል። «ሌላ ካላሉኝ ናሙናውን ረቡዕ ይዤ እመጣለሁ» ቢሉ ቢበዛ የሚያከስርዎ የትራንስፖርት ነው።

ሦስተኛ፣ ያው ሕግ ሌላም ጎን አለው። ዋጋው እስከ ሕዳር 18 ይጸናል ብለው ከጻፉ እስከዚያ ድረስ በቃልዎ ይታሰራሉ። ሕዳር 15 ላይ ብረት ቢጨምርም፣ ሕዳር 17 «ተቀብለናል» ካሉዎት በዚያው ዋጋ መሥራት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከያዘልዎ ቀን አይዝለሉ።

አራተኛ፣ ጉዳዩ ፕሮፎርማ ሳይሆን መደበኛ ጨረታ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀየራል። ግምገማ ላይ ያለ ጨረታን ውጤት ባለሙያው ሊነግርዎ አይገባም፤ ደጋግሞ መጠየቅም ጥሩ አይመስልም። እዚያ የሚጠየቀው የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ነው።

አንድ መራራ ነገርም ልንገርዎ። አንዳንድ ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ለቁጥር ማሟያ ነው። ገዢው ሻጩን አስቀድሞ መርጧል፤ ሦስት ወረቀት ስለሚያስፈልገው ብቻ ነው የጠየቀዎት። የትኛውም አዘጋግ ይህን አይቀይርም። ግን ቶሎ እንዲያውቁት ያደርጋል። ማነጻጸሪያው መቼ ይቀርባል ብለው ጠይቀው፣ ደውለውም፣ «እናሳውቅዎታለን» ብቻ ከተባሉ፣ ስለ መጠንም ስለ ማስረከቢያም አንድ ጥያቄ ካልመጣ፣ ምናልባት ሦስተኛው ወረቀት እርስዎ ነዎት። የምር የሚገዛ ሰው ይነዘንዛል። ቁመቱ ስንት ነው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ይሆናል ወይ፣ ለገጣፎ ድረስ ማን ያደርሳል ይላል።

የምመክርዎ ይህንን ነው። ሁለት ጊዜ የላኩትን ለሦስተኛ ጊዜ አይላኩት። በዚያው ኢሜይል ላይ Reply ብለው፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ከላይ የጻፍኩትን መጨረሻ በራስዎ ቀን አስተካክለው ይላኩ። ሌላው ጽሑፍ ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ ፕሮፎርማው ያው ከሥር አለ። ረቡዕ 4 ሰዓት እደውላለሁ ካሉ ረቡዕ 4 ሰዓት ይደውሉ፤ 4 ሰዓት ተኩል አይደለም። ስልኩ ላይም ያንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ሐሙስ ካለፈና ምንም ካልተገኘ ዓርብ ጠዋት አንድ የመጨረሻ ኢሜይል ይላኩ፦ «የጥቅምት 24ቱ ዋጋ ትናንት አልፏል። ዴስኮቹን አሁንም ከፈለጉ ‹አዲስ ዋጋ› ብለው ይጻፉልኝ፤ በማግስቱ እልካለሁ።» እዚህ ላይ ቀነ ገደብ አያስፈልግም። ኳሱ እነሱ ጋ ነው። እርስዎ ግን ብረቱን ለሌላ ሥራ ይቁረጡት።